ሁለት ስህተት አንድ ነጥብ ላይ፦ የኮምቦልቻው ክዳን

መነሻው

ጉዳዩ የተፈጠረው ኮምቦልቻ ውስጥ በሚገኝ አንድ የብየዳ ሥራ ቤት ነው። እኔ በሥራ ቀናት ስታቲክስ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚያ ሥራ ቤት ጎራ እያልኩ ንድፍና ልኬት አያለሁ። ባለቤቱ የቆየ ወዳጄ ነው። ልኬቱን የሠራው ተለማማጅ ደግሞ አምና ክፍሌ ውስጥ የነበረ ልጅ ነው። የማንንም ስም አልጠቅስም።

አንድ ክዳን ተጣሞ መነሳቱ ብቻውን አያስጽፍም፤ በየሥራ ቤቱ ያለ ነገር ነው። ያስጻፈኝ የራሴ ነገር ነው። የተሳሳተውን ስሌት በአሥር ደቂቃ ውስጥ «አገኘሁት» አልኩ፣ ቁጥሩም እስከ ሚሊ ድረስ መሰከረልኝ፣ ልጁም ራሱን ነቀነቀ። ያገኘሁት ስህተት ግን ልጁ የሠራው ስህተት አልነበረም።

ክዳኑ

ያዘዙት ቦርከና ወንዝ አጠገብ አትክልት የሚያለሙ ሀጂ ናቸው። የውሃ ፓምፓቸው ቫልቭ ያለበት ጉድጓድ አላቸው። ጉድጓዱ በአንድ ጫፉ ቋጥኝ ስለገጠመው ቀጥ ብሎ አላለቀም፤ በሰያፍ ተቆርጧል። ስለዚህ ክዳኑ አራት ማዕዘን ሆኖ በቀኙ ሦስት ማዕዘን ተቀጥሎበታል። በግራ በኩል ደግሞ ወደ ላይ የሚወጣው የውሃ ቱቦ የሚያልፍበት ክብ ቀዳዳ አለው።

ረጅሙን ጠርዝ ወደ ራሳችሁ አድርጋችሁ ብትቆሙ ልኩ እንዲህ ነው። አራት ማዕዘኑ 60 ሳንቲ በ40 ሳንቲ ነው። ሦስት ማዕዘኑ ከአራት ማዕዘኑ ቀኝ ጠርዝ ይነሳል፤ እዚያ ቁመቱ 40 ሳንቲ ነው፣ ወደ ቀኝ 30 ሳንቲ ሄዶ ሹል ሆኖ ያልቃል። ስለዚህ የታችኛው ጠርዝ 90 ሳንቲ፣ የላይኛው 60 ሳንቲ ነው። የቀዳዳው ራዲየስ 10 ሳንቲ ነው፤ መሐሉ ከግራ ጠርዝ 20፣ ከታችኛው ጠርዝ 25 ሳንቲ ላይ ይገኛል። ብረቱ ውፍረቱ 10 ሚሊ የሆነ ላሜራ ሲሆን ክዳኑ ወደ 21 ኪሎ ይመዝናል።

ሀጂው ክዳኑን የሚያነሱት ከፓምፕ ቤቱ አግዳሚ ላይ በተንጠለጠለች ትንሽ መዘውር ነው። አንድ ሰው ብቻውን ይስባል። ቱቦው ላይ የሚገጠመው ጎማ ከላይ ይፈታና ክዳኑ ቱቦውን እንደ ቀለበት ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። ቱቦው ከዳር እስከ ዳር 16 ሳንቲ፣ ቀዳዳው 20 ሳንቲ ነው። በየጎኑ 2 ሳንቲ ብቻ ነው የሚተርፈው። ክዳኑ ጠፍጣፋ ሆኖ መነሳት ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲነሳ መንጠቆው የሚገባበት የብረት ጆሮ በትክክል ከሴንትሮይዱ፣ ማለትም ከስፋቱ ማዕከል በላይ መበየድ አለበት። ብረቱ አንድ ዓይነት፣ ውፍረቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ የስፋቱ ማዕከልና የክብደቱ ማዕከል አንድ ቦታ ላይ ናቸው።

ችግሩ

ክዳኑ ሄደ፣ በማግስቱ ተመለሰ። ሀጂው ሲናገሩ አልተቆጡም፤ «ልጆቼ፣ ይሄ ነገር ቱቦዬን ነክሶ ይዞ አልለቅ አለኝ» ነው ያሉት። ሥራ ቤቱ ውስጥ በሰንሰለት ሰቀልነው። ረጅሙ ጠርዝና ግራው ጥግ ወደ ታች ወረዱ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ ተነሳ። ሲረጋ ዘንበል ያለው ወደ 25 ዲግሪ ነበር።

የጆሮውን ቦታ በሜትር ለካሁ፤ ከግራ 42.4፣ ከታች 20.9 ሳንቲ ገደማ ወጣ። «ገደማ» ያልኩት ጆሮው ከ16 ሚሊ ዘንግ የታጠፈ ስለሆነ ነው። የእንዲህ ያለ ነገር መሐል ከሁለት ሚሊ በተሻለ አይለካም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ትክክለኛውን ነጥብ እዚያው በወረቀት ሠራሁ። መነሻው የግራ ታችኛው ጥግ ነው፤ x ወደ ቀኝ፣ y ወደ ላይ።

| ክፍል | ስፋት A | x | y | A·x | A·y |
|---|---|---|---|---|---|
| አራት ማዕዘን | 2400 | 30 | 20 | 72000 | 48000 |
| ሦስት ማዕዘን | 600 | 70 | 13.33 | 42000 | 8000 |
| ቀዳዳ | −314.16 | 20 | 25 | −6283.2 | −7854 |
| ድምር | 2685.84 | | | 107716.8 | 48146 |

x̄ = 107716.8 ÷ 2685.84 = 40.1 ሳንቲ፤ ȳ = 48146 ÷ 2685.84 = 17.9 ሳንቲ።

ጆሮው ከትክክለኛው ቦታ ወደ ቀኝ 2.3፣ ወደ ላይ 2.9 ሳንቲ ርቋል፤ በቀጥታ ሲለካ 3.7 ሳንቲ ነው። «3.7 ሳንቲ ይህን ያህል ያዘነብላል?» ብሎ ባለቤቱ ጠይቆኛል። ያዘነብላል። መንጠቆው ጆሮውን የሚይዘው ከብረቱ መሐለኛ ውፍረት 8 ሳንቲ ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ክዳኑ የሚረጋው ሴንትሮይዱ ከመንጠቆው ቀጥታ በታች ሲውል ስለሆነ የዘንባላው ታንጀንት 3.7 ሲካፈል ለ8 ነው፤ ያ ደግሞ 25 ዲግሪ ይሆናል። ሲያዘነብል ቀዳዳው ወደ ጎን ከ4 ሳንቲ በላይ ይንሸራተታል። የተረፈው ቦታ 2 ሳንቲ ብቻ ነበርና ቱቦውን ቢነክስ አይገርምም።

የመጀመሪያው ምርመራ

የተማሪ ወረቀት ሳርም ከሁሉ ይበልጥ የማገኘው ስህተት የሦስት ማዕዘኑ ነው። የሦስት ማዕዘን ማዕከል ከወፍራሙ ጎን አንድ ሦስተኛ ላይ፣ ከሹሉ ጫፍ ሁለት ሦስተኛ ላይ ነው። ተማሪ «አንድ ሦስተኛ» የሚለውን ያስታውሳል፤ ከየት እንደሚለካ ግን ይረሳል። እዚህ ቢሳሳት x የሚሆነው 60 + 20 = 80 ነው፣ በ70 ፈንታ። y ደግሞ 26.67 ይሆናል፣ በ13.33 ፈንታ።

ሞከርኩት። በx 113716.8 ለ2685.84 ሲካፈል 42.3 ሆነ። በy 56146 ለ2685.84 ሲካፈል 20.9 ሆነ። ብረቱ ላይ የለካሁት 42.4 እና 20.9 ነው።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ልጁን ጠርቼ «ሦስት ማዕዘኑን ከሹሉ በኩል ነው የለካኸው» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «እሺ ጋሼ» አለ። ስሌቱን የሠራበት ደብተር ቤቱ ነበር፤ እኔም አምጣው አላልኩም። አስተማሪው ነበርኩ፣ ባለቤቱም አጠገባችን ቆሟል። ልጁ ያላጠፋውን ጥፋት ተቀበለ። ዝምታውን እንደ ማመን መቁጠሬ ከስሌት ስህተት የባሰ ነው እላለሁ።

ካርቶኑ

ባለቤቱ ጆሮውን በግራይንደር ከማስቆረጡ በፊት «ቁጥራችሁ አንዴ አሳስቶኛል፤ አሁን በዓይኔ ልይ» አለ። ልክ ነው። ክዳኑን በግማሽ ልክ ከካርቶን ቆረጥን፤ 45 ሳንቲ በ20። ጥጉ ላይ ምስማር አስገብተን ሰቀልን፣ ከዚያው ምስማር በክር ቱንቢ አንጠለጠልን፣ ክሩ ባለፈበት በእርሳስ መስመር አሰመርን። ከዚያ ከሌላ ጥግ፣ ከዚያም ከሦስተኛው።

ሁለት መስመሮች ትክክል ቢሆኑም ባይሆኑም አንድ ቦታ ይቋረጣሉ። የሚመሰክረው ሦስተኛው ነው። የኛ ሦስት መስመሮች መጀመሪያ አልተገናኙም፤ በመካከላቸው የጣት ጫፍ የምታህል ሦስት ማዕዘን ቀረች። የከሰዓቱ ነፋስ በበሩ እየገባ ካርቶኑን ያወዛውዘው ነበር። በሩን ዘግተን ስንደግመው ሦስቱም አንድ ነጥብ ላይ ጥርት ብለው ተቋረጡ።

ነጥቡ ግን ከስሌቴ ወደ ግራ አንድ ሳንቲ ተኩል ያህል ርቆ ነበር። ይሄኔ ትንሽ ደነገጥኩ። መስመሮቹ ጥርት ብለው መገናኘታቸው የሚያሳየው ሰቀላው ትክክል መሆኑን ብቻ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ካርቶኑ እኩል ውፍረት ያለው ስለመሆኑ ምንም አይናገርም። ወጣ ገባ ካርቶንም የራሱ የክብደት ማዕከል አለው፤ ሦስቱም መስመሮች በታማኝነት ወደዚያ ይወስዷችኋል። ግራ ጠርዙን በጣቴ ስዳስሰው ችግሩ ተገኘ። የሣጥኑ ማጣበቂያ ክፍል ነበር፤ ሦስት ሳንቲ የሚሆን ስፋት ላይ ካርቶኑ ድርብ ነው። ከሣጥኑ ሌላ ገጽ ላይ ነጠላ የሆነ ቆርጠን ደገምን። መስመሮቹ ከግራ 20፣ ከታች 9 ሳንቲ ላይ ተቋረጡ። በእጥፍ 40 እና 18 ማለት ነው። ባለቤቱ «በቃ ቁረጡት» አለ።

ከሌላው ጫፍ

በያጁ ጆሮውን እየቆረጠ ሳለ ልጁን ቁጭ አድርጌ ስሌቱን እንደገና እንዲሠራው ጠየቅሁት። ለማጥናት ያህል መነሻውን ቀየርኩበት፤ ከሹሉ ቀኝ ጫፍ ተነስቶ ወደ ግራ እንዲለካ ነው ያልኩት። አስቤበት አልነበረም፤ የድሮውን ቁጥር ከራሱ እንዳይገለብጥ ብዬ ነው።

ጥቂት ቆይቶ 58.1 አመጣ። ከቀኝ 58.1 ማለት ከግራ 31.9 ነው።

መጀመሪያ ያገኘው 42.4 ነበር። አንድ ብረት እንዴት ሁለት ሴንትሮይድ ይኖረዋል? መነሻውን መቀየር ሜትሩን ከየት እንደምንዘረጋ ይቀይራል እንጂ ብረቱን አያንቀሳቅስም። ሦስት ማዕዘኑን ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ከቀኝ ሲለካ 47.7 ባገኘ ነበር፤ ያ ከግራ 42.3 ነው፣ የተሳሳተ ግን ያው ቦታ። የሦስት ማዕዘን ስህተት ማለት ሦስት ማዕዘኑ ሌላ ቦታ ላይ የተቀመጠ ሌላ ክዳን ማስላት ነው፤ ያ ክዳን የለም እንጂ ሴንትሮይዱ አንድ ነው። መነሻ ሲቀየር የሚሸሽ መልስ ግን ከዚህ የተለየ በሽታ ነው።

ወረቀቱን ወሰድኩ። ሦስት ማዕዘኑ ትክክል ነበር፤ ከሹሉ 20 ሳንቲ ብሎ ጽፏል። አራት ማዕዘኑም 60 ሳንቲ፣ ትክክል። ስፋቱን ሲደምር ቀዳዳውን ቀንሷል፣ 2685.84። የሞመንቱ ዓምድ ላይ፣ ማለትም ስፋቱ በርቀቱ በሚባዛበት፣ ግን በቀዳዳው ረድፍ ምንም አልጻፈም፤ ጭረት ብቻ ነው ያደረገው። 144000 እና 12000 ደምሮ 156000 ለ2685.84 አካፍሏል። በማግስቱ ደብተሩን ሲያመጣ ከግራ የሠራውም እንዲሁ ነበር። 114000 ለ2685.84 ሲካፈል 42.4፣ 56000 ለ2685.84 ሲካፈል 20.9።

ሁለቱን ስህተቶች ጎን ለጎን አየኋቸው። የኔ ግምት 42.34 እና 20.90 ይሰጣል፤ የሱ ስህተት 42.44 እና 20.85። ልዩነታቸው በx አንድ ሚሊ፣ በy ግማሽ ሚሊ ነው። በ16 ሚሊ ዘንግ ላይ ይህን የሚለይ ሜትር የለም። ለምን እንዲህ ተቀራረቡ? ሦስት ማዕዘኑን ማሳሳት በx 6000፣ በy 8000 ሞመንት ይጨምራል። የቀዳዳውን ሞመንት መርሳት በx 6283፣ በy 7854 ይጨምራል። እነዚህ ልኮች ላይ በአጋጣሚ ገጠመ፤ ቀዳዳው ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ አይገጥምም ነበር።

«የሌለ ነገር ምን ሞመንት አለው?»

ለምን ጭረት እንዳደረገ ስጠይቀው አላመነታም። «ጋሼ፣ ቀዳዳው ላይ ብረት የለም። የሌለ ነገር ምን ሞመንት አለው?»

ስፋቱንስ ለምን ቀነስክ ብዬ ስጠይቀው «እሱማ ለኪሎ ነው» አለኝ። ነገሩ እዚህ ጋ ተገለጠልኝ። በሥራ ቤቱ ዋጋ የሚሠራው በኪሎ ነው። ቀዳዳ ሲቆረጥ የወጣው ክብ ብረት ለሥራ ቤቱ ስለሚቀር ከደንበኛው ሂሳብ ይቀነሳል። ስለዚህ ስፋት መቀነስ ልጁ በየቀኑ የሚያደርገው የገበያ ሥራ ነው። ሞመንት ግን ከእጁ ያልለመደው ነገር ነው። በአንዱ ስሌት ውስጥ ሁለት ዓለም ተቀላቅሎበት ነበር።

የጥያቄው መልስ የሚመጣው አራት ማዕዘኑን ካየን ነው። 2400 ብለን ስንጽፍ አራት ማዕዘኑን ሙሉ ቆጥረነዋል፤ ቀዳዳው ያለበትን ቦታ ጭምር። 72000 የሚለው ሞመንት ውስጥ ያ የሌለ ብረት በ20 ሳንቲ ርቀት ላይ ተቀምጦ ተደምሯል። ስፋቱን አውጥተን ሞመንቱን ካላወጣን፣ ብረቱን ወስደን ክብደቱን እዚያው የተውን ያህል ነው። አብሮ የገባ አብሮ መውጣት አለበት።

ይህን በቃል ስነግረው እንደገና «እሺ ጋሼ» እንዳይለኝ ፈራሁ። ደግነቱ የተቆረጠው ክብ ብረት አልጠፋም። 2.5 ኪሎ የሚመዝን ነው፤ የባለቤቱ እህት ቡና ስታፈላ የከሰል ምድጃዋን ታስቀምጥበት ነበር። አዲሱ ጆሮ ትክክለኛው ቦታ ላይ ተበይዶ ክዳኑ ሲሰቀል ውሃ ልኩ ከሞላ ጎደል ጠፍጣፋ አሳየ። ከዚያ ክቡን ብረት መልሰን ቀዳዳው ውስጥ በሦስት ቦታ በሽቦ አሰርነው። ወዲያው የቀዳዳው በኩል ወረደ፤ ወደ 15 ዲግሪ ገደማ። ሽቦውን ስንፈታ ተመልሶ ቀና አለ። ልጁ ይህን ሁለቴ ራሱ አሠረና ፈታ። ከዚያ ሳልጠይቀው ደብተሩን አውጥቶ በጭረቱ ፋንታ −6283.2 ጻፈ።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራ

እኔ ከመድረሴ በፊት በያጁ ያቀረበው መላ ወደ ላይ በተነሳው በኩል 4 ኪሎ የሚሆን ቁርጥራጭ ብረት በይዶ ማመዛዘን ነበር። በማጠንጠኛ አስረው ሞክረውት ቀና ብሏል። ክዳኑ ግን 25 ኪሎ ሆነ፤ አንድ ሰው ብቻውን ለሚስበው ነገር 4 ኪሎ ትርፍ ነው። ጆሮውን አስረዝሞ 20 ሳንቲ ማድረግም ታስቦ ነበር። ዘንባላውን ከ25 ወደ 11 ዲግሪ ገደማ ያወርደዋል፤ ሰው የሚያደናቅፍ ጆሮ ይዞ አሁንም ዘመም ይላል። ሁለቱም የሚያክሙት ምልክቱን ነው።

አዲሱ ጆሮ ከ40.1 እና ከ17.9 ሁለት ሚሊ ያህል ስቶ ተበይዷል፤ ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይስባል። ሁለት ሚሊ ስህተት በ8 ሳንቲ ከፍታ ላይ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ነው፤ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሁለት ሳንቲ ዝቅታ። ቱቦውን አይነክስም፣ እንዲሁ ተውነው። ሀጂው መጥተው አንስተው አውርደው ሞከሩት፣ ወሰዱት።

ለሌላ ሥራ የሚሆን

ከዚህ ወዲህ የማደርገው ፈተና መነሻውን ቀይሮ ሁለቴ ማስላት ነው። አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ። ሁለቱ መልሶች ብረቱ ላይ አንድ ቦታ ካልዋሉ በላይኛው ድምርና በታችኛው ድምር ውስጥ የተቆጠሩት ክፍሎች አንድ አይደሉም፤ አንድ ነገር በአንዱ ገብቶ በሌላው ቀርቷል። አንድ ቦታ ላይ ከዋሉ ደግሞ ያ ዓይነት ስህተት የለም ማለት ነው፤ የአንድ ክፍል ማዕከል ግን አሁንም የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ፈተናው ሁሉን አይዝም፤ የያዘውን ግን በእርግጠኝነት ይይዛል።

መነሻው ከቀዳዳው መሐል ላይ ቢሆን ርቀቱ ዜሮ ስለሆነ ሞመንቱን የረሳ ሰውም ትክክለኛ መልስ ያገኛል። ልጁ ከዚህ በፊት የሠራቸው ክዳኖች ለምን ደህና እንደነበሩ ያወቅነው በዚህ ነው። ቀዳዳቸው ትንሽ ነበር፣ የሚለካበትም ጥግ አጠገብ ነበር። ስህተቱ ያኔም ነበረ፤ የሚታይበት ርቀት ግን አልነበረም።

ያለ ምንም ማካፈልም ቢሆን ነጥቡ የተሳሳተ መሆኑን ማየት ይቻል ነበር። ይህን ሳላይ በማለፌ እስካሁን ይቆጨኛል። ቀዳዳ የሌለው ክዳን ሴንትሮይዱ 38 እና 18.7 ላይ ነው። ብረት ከአንድ ቦታ ሲወጣ ማዕከሉ ከዚያ ቦታ ይሸሻል፤ የሚሸሸውም ከቀዳዳው መሐል ተነስቶ በድሮው ማዕከል በሚያልፈው ቀጥተኛ መስመር ላይ ነው። ቀዳዳው ከላይ በግራ ስለሆነ አዲሱ ማዕከል ወደ ታችና ወደ ቀኝ መሄድ አለበት። ጆሮው ግን ከ18.7 በላይ፣ 20.9 ላይ ነበር። ክር ወስዶ ከቀዳዳው መሐል በ38 እና በ18.7 ላይ መዘርጋት በቂ ነበር፤ ጆሮው ከክሩ ላይ እንደሌለ ከሩቅ ይታያል።

ባለፈው ቅዳሜ ሀጂው ሁለተኛ ክዳን አዘዙ፤ ልኩ ያው ነው፣ ግራ ጠርዙ እንዳይታጠፍ ግን ከሥሩ 40 ሳንቲ አንግል ብረት እንዲበየድበት ጠየቁ። እዚህ ላይ ስፋት ብቻውን አይበቃም፤ አንግሉ ያለበት ቦታ ከሌላው ይከብዳል። 40 በ40 በ4 ሚሊ አንግል በሜትር ወደ 2.4 ኪሎ ስለሚመዝን፣ 40 ሳንቲው አንድ ኪሎ አካባቢ ነው። ከግራ ጠርዝ 2 ሳንቲ ላይ ሲበየድ የክብደቱን ማዕከል ከ40.1 ወደ 38.4 ይስበዋል። ያንን ቸል ብንል ክዳኑ 12 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ስደርስ ልጁ ሠንጠረዡን ከፍቶ ነበር። የስፋቱን ዓምድ ሰርዞ በኪሎ ቀይሮታል፣ አራተኛ ረድፍ ጨምሯል፣ ከታች ደግሞ ከቀኝ ጫፍ የተሠራ ሁለተኛ ሠንጠረዥ ነበረው፤ 51.6 ይላል።